ሦስት የልደት ቀን ያላት ልጅ

ሜይ 5 ቀን 1992፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1995፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2000። ሦስቱም በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ የአንዲት ሴት የልደት ቀኖች ናቸው። የመጀመሪያው በባንክ ሒሳቧ ላይ፣ ሁለተኛው በፓስፖርቷ ላይ፣ ሦስተኛው በፋይዳዋ ላይ ሰፍሯል። ስሟም እንደዚያው ነው። ባንኩ ውስጥ Caltu Husen፣ ፓስፖርቱ ላይ CHALTU HUSSEN KEDIR፣ ፋይዳው ላይ Chaltu Husen Kedir ትባላለች። የስምንተኛ ክፍል የፈተና ሰርተፍኬቷ ደግሞ በቁቤ Caaltuu Huseen Kadiir ይላታል።

ይህች ሴት አንድ የተወሰነች ሰው አይደለችም። በአሰላ፣ በሳጉሬና በበቆጂ አካባቢ የተለመዱትን ስህተቶች በአንድ ሰው ላይ ሰብስቤ ያዋቀርኳት ናት፤ ጫልቱ ሁሴን ከድር እንበላት። በ2009 ዓ.ም. ፓስፖርት አወጣች፤ በኋላ ጅዳ ሄዳ ሠርታ ተመለሰች። አሁን ባንኩ ሒሳቧን ከፋይዳ ጋር እንድታገናኝ ይጠይቃታል፤ ስታገናኝ «መረጃው አይመሳሰልም» ይላታል። ፓስፖርቷን ልታሳድስ ስትሄድ ፋይዳ ትጠየቃለች፤ እዚያም እንደዚሁ ነው። ለዓመታት ተራርቀው ሲኖሩ ማንንም ያላስቸገሩ ሦስት መዝገቦች በአንድ ቁጥር ሊገናኙ ሲሉ ተጣሉ።

የተጣሉበት ምክንያት ቅርብ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን ግዴታ አደረገ፤ ግዴታው በየደረጃው ወደ ክልሎችና ወደ ነባር ደንበኞች እንዲሰፋ ታቀደ። ከዚያ በፊት ባንክ የቀበሌ መታወቂያ አይቶ ይከፍት ነበር፤ ኢሚግሬሽንም የራሱን ፋይል ይይዝ ነበር። የአንዱ ጸሐፊ የጻፈውን ሌላው የሚያይበት መንገድ አልነበረም።

ችግሩ ግን ከኮምፒውተሩ በፊት የጀመረ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት በክብር መዝገብ እንዲመዘገብ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን እነዚያኑ ድንጋጌዎች ማስፈጸሚያ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ በይደር አቆያቸው። ይደሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። የወሳኝ ኩነት አዋጅ 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሃያ ዓመት ያለፈው የአርሲ ሰው በእጁ የያዘው የልደት ሰርተፍኬት ሲወለድ የተጻፈ አይደለም። ካደገ በኋላ በራሱ ቃል፣ በቀበሌ መታወቂያና በምስክር የተሞላ ነው። እናቱ «ገብስ ሲታጨድ» ወይም «ካዱ የመጣ ጊዜ» ብላ የምታስታውሰው ልደት በሰርተፍኬቱ ላይ ቀንና ወር ይዞ ይወጣል። ካዱ ማለት በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ በጭላሎ የተቋቋመው የግብርና ልማት ድርጅት ነው፤ በአካባቢው ሽማግሌዎች ዘንድ ጥሩ የዘመን ምልክት ነው፤ የቀን ምልክት ግን አይደለም።

እንግዲህ ጫልቱ ምን ታድርግ? ብዙ ሰው የሚያደርገው የተቆጣውን ቢሮ ማባበል ነው። ባንኩ ካስቸገረ ባንኩን ያስተካክላል፤ ኢሚግሬሽን ካስቸገረ ፋይዳውን ወደ ፓስፖርቱ ይጎትታል። ሦስት ወር ቆይቶ ሌላኛው ይቆጣል። እኔ የምለው፣ አንድም ቅጽ ከመሙላት በፊት ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቀድማል፤ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉና።

የባንኩን እንይ። 05/05/1992። ይህ ቁጥር እንደ ፈረንጅ ከተነበበ ሜይ 5 ነው። እንደ ኢትዮጵያ ከተነበበ ግን አምስተኛው ወር ጥር ነው፤ ጥር 5 ቀን 1992። ፋይዳዋ ላይ ያለው ልደትም ጥር 5 ቀን 1992 ነው። ስለዚህ የባንኩ ጸሐፊ የነገረችውን የአበሻ ቀን ሳይቀይር የፈረንጅ ቀን በሚጠብቅ ሣጥን ውስጥ ጻፈው ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ስህተት ምልክቱ የማይለወጥ ነው፤ በሁለቱ መዝገቦች መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ወደ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከጥቂት ቀን ይሆናል። እንዲህ ያለ ክፍተት ያየ ሰው ዕድሜ ተጭበርብሯል ብሎ አይደንግጥ፤ የአቆጣጠር ጉዳይ ነው።

ይህ ስህተት አንዳንዴ ሌላ ስህተት ይወልዳል። ጥቅምት 30 የተወለደ ሰው ቀኑ 30/02 ነው። ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን የለውምና ማሽኑ አልቀበልም ይላል፤ የቸኮለ ጸሐፊ 28/02 ብሎ ያልፈዋል። ጳጉሜን የተወለደ ሰውማ ወሩ 13 ስለሆነ የት እንደሚወድቅ የሚያውቀው ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ብቻ ነው። ዓመቱን እንጂ ቀኑን የማያውቅ ሰው ደግሞ 01/01 ይደረግለታል። ከእኛና ከጎረቤቶቻችን በስደት አሜሪካ ከገቡ ሰዎች መካከል ጃንዋሪ 1 «ተወልደው» የተገኙት ብዙ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን የፋይዳውን ቀን ከጥር 5 ጋር እናመሳክር። ብዙ ሰው ጥር 5 ሁልጊዜ ጃንዋሪ 13 ነው ብሎ ይቀይራል፤ በአብዛኞቹ ዓመታት ልክ ነው። 1992 ግን ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ከእርሱ በፊት የነበረው 1991 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት። ስለዚህ የ1992 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአንድ ቀን ተገፉ። በዚያ ዓመት ገና በታኅሣሥ 28 የተከበረውም ለዚህ ነው። ጥር 5 ቀን 1992 እንግዲህ ጃንዋሪ 14 ቀን 2000 ነው፤ ፋይዳው ትክክል ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የተወለደበት ዓመት ዘመነ ዮሐንስ መሆኑን ነው። ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢሮ በጭፍን ደምሯል።

ሦስተኛው የፓስፖርቱ ቀን ነው፤ ጃንዋሪ 13 ቀን 1995። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ጥር 5 ቀን 1987 ይሆናል። ቀኑና ወሩ አልተነካም፤ ዓመቱ ብቻ በድፍን አምስት ተገፍቷል። ይህን ካላንደር አያመጣውም፤ ሰው ነው ያመጣው። በ2009 ዓ.ም. ጫልቱ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ደላላው «ከሃያ ካላለፈች ቪዛ አይወጣም» ብሎ ሃያ ሁለት አደረጋት። አርሲ ለዓረብ አገር ጉዞ ብዙ ሴት ልጆቿን የምትሸኝ ምድር ናት፤ ከፍ የተደረገ ዕድሜ የያዘ ፓስፖርት ብርቅ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ዝቅ የሚደረግበትም መንደር እዚያው ነው። ከሃያ ዓመት በታች በሚደረግ ውድድር የሚሮጥ ሰው በውድድሩ ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ከአሥራ ዘጠኝ ማለፍ የለበትምና፣ ሁለት ዓመት መቀነስ ምን ያህል እንደሚያጓጓ የበቆጂ ሰው አይነገረውም። ድፍን ዓመት ሲለያይ፣ ቀንና ወር ግን ሲገጥም፣ ጥያቄው የጽሕፈት ስህተት መሆኑ ያበቃል።

የስሙን ጉዳይ በሌላ መንገድ መያዝ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል ማንም አልዋሸም። በቁቤ c የ«ጭ» ድምፅ ነው፤ ch ደግሞ የ«ች»። x «ጥ» ነው፣ q «ቅ» ነው፤ አናባቢ ሲረዝም ይደገማል። ስለዚህ Caaltuu ፍጹም ትክክለኛ የኦሮምኛ ጽሕፈት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቁቤም እንግሊዝኛም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ነው። በፋይዳ ላይ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሰፍራል፤ የእንግሊዝኛውን ሣጥን የሚሞላው የአሰላ መዝጋቢ የትምህርት ቤቱን ሰርተፍኬት እያየ በቁቤ ሊሞላው ይችላል። ባንኩ ከዚያ በፊት ድርብ አናባቢውን ቆርጦ Caltu አድርጎታል። አዲስ አበባ ያለው የፓስፖርት ጸሐፊ ደግሞ ከአማርኛው «ጫልቱ» ተነስቶ Chaltu ይላል። Caaltuuም Chaltuም በየራሳቸው ሕግ ልክ ናቸው። የዓረብኛ ስሞች ሲጨመሩ ይብሳል፤ ሁሴን ብቻውን Husen፣ Hussen፣ Hussein፣ Huseen ሆኖ ይገኛል፤ መሐመድማ ተቆጥሮ አያልቅም።

የድንበር ማሽን እነዚህን አንድ ናቸው ብሎ አይገምትም። ከፓስፖርቱ ገጽ ግርጌ ያለው የመጀመሪያ መስመር የጫልቱን ስም እንዲህ ይይዛል፤

```
P<ETHKEDIR<<CHALTU<HUSSEN<<<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

ይህ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 9303 የተወሰነ አጻጻፍ ነው። መስመሩ 44 ቦታ አለው፤ ከሀገሩ ኮድ ቀጥሎ የቤተሰብ ስም፣ ከሁለት ምልክት በኋላ የራስ ስም ይመጣል። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በፓስፖርታችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። በስም መሐል የሚገባው የኦሮምኛ ሁድሃ፣ ማለትም ከላይ የሚንጠለጠለው ጭረት፣ በዚህ መስመር ላይ ይጣላል። የአየር ትኬት፣ ቪዛ፣ የጅዳው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከውጭ የሚላክ ሐዋላ፣ ሁሉም የሚቆራኙት ከዚህ መስመር ጋር ነው። ባንኩ ውስጥ አያቷ ከነጭራሹ ስለሌሉ ከጅዳ Chaltu Hussen Kedir ተብሎ የተላከ ገንዘብ ሒሳቧ ውስጥ ለመግባት ይንገታገታል።

ከዚህ ተነስቼ ለሁለቱ ጉዳዮች ሁለት የተለያዩ መልሶች አሉ እላለሁ። የስም ፊደል ሲለያይ ፓስፖርቱ መልሕቅ ይሁን። የላቲን ፊደሉ አንድ «እውነተኛ» አጻጻፍ የለውም፤ ስምምነት ነው፤ ስምምነቱን ለማፍረስ በጣም የሚያስቸግረው ደግሞ በውጭ አገር መዝገቦች ውስጥ የተሰራጨው የፓስፖርቱ ነው። HUSSEN ለጆሮ የማይጥም ቢሆንም ተዉት፤ ፋይዳውና ባንኩ ወደ እርሱ ይምጡ። አማርኛው እንዳለ ሆኖ የላቲን ፊደል ብቻ ሲታረም አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት አያስፈልግም፤ የፋይዳ መዝጋቢው ፓስፖርቱን በማስረጃነት አይቶ ያርማል። የልደት ቀን ሲለያይ ግን መልሕቁ እውነቱ ነው፤ ፓስፖርቱ ስህተት ከሆነ ፓስፖርቱ ይቀየር። ቀን ስምምነት አይደለምና።

ይህን የማይቀበሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። «የጅዳው አሰሪ፣ ቪዛው፣ አሻራው ሁሉ 1995 ይላል፤ ፋይዳውን ወደ 1995 ብታመጣው ሁሉም በአንድ ቀን ያልቅ ነበር» ይላሉ። ያልቅ ይመስላል። ለዚያ ግን ሐሰተኛ ምስክር ማቆም ያስፈልጋታል፤ ያም ወንጀል ነው። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቷም አብሮ አይሄድም። ሌላው ቀርቶ በ1989 ዓ.ም. የተወለደው ታላቅ ወንድሟ በአንድ ጊዜ ታናሿ ይሆናል፤ ውርስ ወይም የቤተሰብ ቪዛ የመጣ ቀን ይህ ይነሳል። ከሁሉ በላይ ፋይዳ ከአሥር ጣቶች አሻራ፣ ከሁለት ዓይኖችና ከፊት ምስል ጋር የታሰረ ነው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ሌላ ቀበሌ ሄዶ እንደ አዲስ ማውጣት አይቻልም። የሞከሩ አሉ፤ ስማቸው እንዲስተካከል ብለው ሌላ ጣቢያ ሄደው እንደገና ተመዘገቡ። ማሽኑ አሻራውን ከነበረው ጋር ያመሳክርና ሁለተኛ ቁጥር አይሰጥም። ያልመጣ ቁጥር ሲጠብቁ ወራት ያልፋሉ። መፍትሔው ማረም እንጂ መመዝገብ አይደለም።

የማረም ዕድልም በየትም አገር ገደብ የሌለው አይደለም። ፋይዳ የተገነባበት ሶፍትዌር ሞሲፕ ከህንድ የመጣ ነው፤ ህንዶች ራሳቸው በአድሃር መታወቂያቸው ላይ ስም ሁለት ጊዜ፣ የልደት ቀን ግን በዕድሜ ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታረም ይፈቅዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንደልብ የሚቀየር የልደት ቀን ሰው አይለይም።

ስለዚህ ጫልቱ ወደ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። የምትኖርበት ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሽ የለም፤ አቤቱታ ታቀርባለች፣ ቃለ መሐላ ታያይዛለች። ማስረጃ ሲመረጥ ዋጋው በዕድሜው ነው፤ ጠቡ ከመነሳቱ በፊት የተጻፈ ወረቀት ከትናንት ሰርተፍኬት ይበልጣል። የክትባት ካርድ ካለ ወርቅ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ ለክርስቲያኖች የክርስትና ምስክር ወረቀት ይከተላሉ። ምስክሮች ሲቆሙ ከእርሷ በዕድሜ የሚበልጡና ስትወለድ የነበሩ መሆን አለባቸው፤ እኩያ ጓደኛ ስለ ልደቷ ምን ሊያውቅ! አክስቷ «አዴ፣ መቼ ተወለደች?» ተብላ ስትጠየቅ ቀኑን ባታውቅ አያሳፍርም። «ታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ እርሷ ሦስተኛ ክፍል ነበረች» ማለት ከተሸመደደ ቀን ይልቅ ይታመናል። ዳኛው ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ማስታወቂያ ሊያዝ ይችላል፤ የሐኪም የዕድሜ ምርመራም ሊያዝ ይችላል። የአጥንት ራጅ ግን ግምት እንጂ ቀን አይሰጥም፤ ሃያዎቹን ላለፈ ሰው ደግሞ ግምቱም ሰፊ ነው። ምርመራው ከታዘዘላት ጫልቱ ተስፋዋን እዚያ ላይ ብቻ አትጣል።

በአቤቱታው ላይ የሚጠየቀው ዳኝነት ምን እንደሆነ መጠንቀቅ ያሻል። ብዙ ሰው በደፈናው «ስሜ ይቀየርልኝ» ብሎ ይጽፋል። ጫልቱ ስሟን አልቀየረችም። የምትፈልገው Caltu Husen፣ Chaltu Husen Kedir እና CHALTU HUSSEN KEDIR የአንዲት ሴት መጠሪያዎች መሆናቸው እንዲረጋገጥ፣ የልደት ቀኗም ጥር 5 ቀን 1992 መሆኑ እንዲወሰን ነው። የስም ለውጥ ውሳኔ ይዛ ብትሄድ፣ ከውሳኔው በፊት የተሰጡ ሰነዶች ሁሉ የሌላ ሰው ይመስላሉ፤ የአንድነት ውሳኔ ግን ወደ ኋላም ይሠራል። ሃይማኖቱን ለውጦ ስሙን በእርግጥ የቀየረ ሰው ግን ለውጡን ራሱን መጠየቅ አለበት፤ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ብዙ ድካም ያስከተለው ግን እርሱ ነው። ውሳኔው ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ አለበት፤ «ጥር 5 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በጎርጎርዮሳዊው ጃንዋሪ 14 ቀን 2000»። የአበሻውን ብቻ ከጻፈ እያንዳንዱ ቢሮ ራሱ ይቀይራል፤ አንዱ 13 ይላል፣ አንዱ 14። ጫልቱ የአምስት ዓመት ልዩነት ዘግታ የአንድ ቀን ልዩነት ትከፍታለች። ለማሽኑ ደግሞ የአንድ ቀንና የአምስት ዓመት ልዩነት እኩል ናቸው። የላቲኑም ስም በውሳኔው ውስጥ ፊደል በፊደል ይግባ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ውሳኔው በኦሮምኛ ስለሚጻፍ ለኢሚግሬሽንና ለውጭ አገር ጉዳይ ሲቀርብ ይተረጎማል፤ ተርጓሚው ከራሱ ጆሮ ተነስቶ Hussein እንዳይላት የሚያግደው በዋናው ውሳኔ ላይ በላቲን የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ በርከት አድርጎ መውሰድ ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ አንድ ይዞ ይቀራልና።

ውሳኔው ከተያዘ በኋላ ቅደም ተከተሉ እንደዚህ ነው። መጀመሪያ የልደት ሰርተፍኬቱ ከቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝገብ ላይ ይታረማል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ሁሉ «ልደትሽ የት አለ?» ይላሉ። ቀጥሎ ፋይዳ ነው። የጫልቱ ፋይዳ ቀኑ ትክክል ነው፤ የጎደለው HUSSEN ላይ ያለች አንዲት S ናት። እዚህ ላይ ሊያስቆማት የሚችለው ስልክ ነው። ስትመዘገብ የሰጠችው ቁጥር ጅዳ እያለች ጠፍቶ ከሆነ የሚስጥር ቁጥሩ የሚላከው እርሷ ወደማታየው ስልክ ነው፤ ስለዚህ ከስሙ በፊት ስልኩ ይታደስ። ሲታረም ጸሐፊው «ጨርሻለሁ» ከማለቱ በፊት ስክሪኑን ዞር አድርጎ እንዲያሳያት ትጠይቅ፤ አማርኛውን፣ ላቲኑን፣ ሁለቱንም ቀን። አብዛኛው ስህተት የሚያዝበት ደቂቃ ያ ነው።

ሦስተኛው ፓስፖርት ነው። የቀን እርማት ተራ እድሳት አይደለም፤ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ፣ የታረመውን የልደት ሰርተፍኬትና ፋይዳውን ይዞ በእርማት መጠየቅ ነው። በማመልከቻው ላይ «እድሳት» ብሎ የሞላ ሰው አሮጌው ቀን ታድሶ ይመለስለታል። ጫልቱም በአንድ ወቅት ያጋጠማት ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ፓስፖርት አምስት ዓመቱን ሲጨርስ 1995ም አብሮ ታደሰ። ጊዜውም ይታሰብበት። ውጭ አገር በሥራ ውል ላይ ያለች ሴት ውሉ ሳያልቅ ቀኗን ብትቀይር የመኖሪያ ፈቃዷና ፓስፖርቷ ይለያያሉ፤ ውሉ እስኪያልቅ መጠበቅ ይሻላል። ቀድሞ የሠራችበት አገር አሻራዋን ከ1995 ጋር አስቀምጦታል፤ አዲሱን ፓስፖርት ይዛ ብትመለስ «አንቺ ማን ነሽ?» ልትባል ትችላለች። ስለዚህ የተሰረዘውን አሮጌ ፓስፖርት አትጣለው፤ ከተተረጎመው ውሳኔ ጋር አብራ ትያዘው። ይህም ሆኖ ቪዛ ላለመከልከሏ ዋስትና የለም፤ የአምስት ዓመት ልዩነት በዚያ በኩል ምን እንደሚመስል እነርሱ ያውቃሉ። ደላላው ይህን አልነገራትም።

ባንኩ የመጨረሻው ነው፤ ደግነቱ ከሁሉ ቀላሉ ነው። የካላንደር ስህተት መሆኑን ፋይዳው ራሱ ያሳያል። ፋይዳውን፣ ፓስፖርቱን፣ ሒሳብ ሲከፈት የቀረበውን የቀበሌ መታወቂያ ካለ እርሱንም ይዛ ቅርንጫፉ ትሄዳለች፤ የደንበኛ መረጃ ማስተካከያ ቅጽ ትሞላለች። አንዱ ሠራተኛ ይጽፋል፣ ሌላው ያጸድቃል። ባንኩን ቀድመው የሚያስተካክሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ፋይዳው በኋላ በአንድ ፊደል ሲቀየር ባንኩ እንደገና ይጣላል፤ ሁለተኛ ጊዜ እርማት የሚጠይቅ ደንበኛን ደግሞ ባንክ በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። ስሙና ቀኑ ሲታረም ካርዱ፣ የሞባይል ባንኩና ብድር ካለ የብድሩ ውል አብረው መታየታቸውን መጠየቅ ይገባል። የቅርንጫፉ ሠራተኛ የሒሳቡን ስም አስተካክሎ የካርዱን ስም እንደነበረ ቢተወው የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው።

ፍርድ ቤት የማይከፍተው አንድ በር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ የሚሰላው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ልደት ነው፤ በኋላ የሚመጣ እርማት ጡረታውን አያዘገይም፣ አያፋጥንም። የአሰላ መምህርም ሆነ የጭላሎ የግብርና ባለሙያ ፋይዳውን ከማረሙ በፊት የግል ማህደሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ቢያይ ይበጀዋል። የማህደሩ ቀን ከእውነቱ ጋር የሚጣጣም ከሆነ እርሱ ራሱ ከተፈለጉት ማስረጃዎች ሁሉ የሚያስተማምነው ነው፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ማንም ስለ ፋይዳ ባላሰበበት ጊዜ የተሞላ ነውና።

ጫልቱ ለምትወልደው ልጅ ግን ነገሩ ከዚህ የቀለለ ነው። ሕጉ ልደት በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። በአሰላ ሆስፒታል የሚወለድ ልጅ የልደት ማሳወቂያ ይዞ ይወጣል፤ ያንን ይዞ ቀበሌ ሲኬድ አባትና አያት በላቲን እንዴት እንደሚጻፉ ከአባትየው ፋይዳ ላይ መገልበጥ ብቻ ይበቃል። በአንድ ቤት ውስጥ የአንድ አባት ልጆች አንዱ Husen፣ አንዱ Hussen፣ ሦስተኛው Hussein ሆነው ያደጉበት ቤት በአርሲ አይጠፋም፤ ከመካከላቸው አንዱ ሚኒሶታ ሆኖ ወንድሙን ልውሰድ ሲል ኤምባሲው የሚጠይቀው መጀመሪያ የአባታቸውን ስም ነው።